ቦዩ ተሠርቷል፣ ፋይዳውስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ ከሸዋ ሮቢት፦ «የግብርና ባለሙያ ነኝ። በቀበሌያችን የመስኖ ቦይ ተሠርቶ ርክክብ ከተደረገ ሁለት በጋ አለፈ። ሪፖርቱ መቶ በመቶ ተጠናቋል ይላል፤ የገበሬውም ገቢ ጨምሯል። ጭማሪው የቦዩ ውጤት መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

መልስ፦ መቶ በመቶ የተጠናቀቀው ግንባታው ነው። የርክክብ ሰነዱ የወንዝ ውሃ መጥለፊያው፣ ቦዩና የውሃ በሮቹ በዲዛይኑ መሠረት መሠራታቸውን ይነግርዎታል፤ ከዚያ አያልፍም። ከግንባታው እስከ ገቢው ድረስ ግን መንገድ አለ። ውሃው ማሳ መድረስ አለበት። ገበሬው በበጋ ማልማት አለበት። ምርቱም ወጪውን ሸፍኖ ትርፍ ማስቀረት አለበት። ቀጥታ ገቢውን ከጠየቁ የትኛው ጋ እንደተበላሸ አያውቁም። ስለዚህ በመሬቱ ይጀምሩ።

ቦዩ 80 ሄክታር እንዲያለማ ታቅዶ ነበር እንበል። ጥር ላይ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ እያለ ቦዩን ተከትለው ይሂዱና ውሃ የጠጣውን መሬት በስልክዎ ጂፒኤስ ይለኩ። የውሃ ተጠቃሚዎች ማህበሩን መዝገብ ብቻ አይመኑ፤ እዚያ ያለው ውሃ እንዲደርሳቸው የተመዘገቡት ሰዎች ዝርዝር ነው። በመጀመሪያው በጋ 70 ሄክታር፣ በሁለተኛው 50 አገኙ እንበል። 20 ሄክታር ወድቋል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ከቦዩ ጫፍ ያለው ነው። በጥር እዚያ ያለፈው መኸር የማሽላ ጉቶ እንደቆመ ካዩት መልሱን አገኙ፤ ውሃ አልደረሰም።

ምክንያቱን ለመለየት መጥለፊያው አጠገብ ቦዩ ውስጥ እንጨት አቁመው የውሃውን ከፍታ ይዩ። በዲዛይኑ ልክ ከሆነና ጫፉ ግን ደረቅ ከሆነ ችግሩ ክፍፍሉ ላይ ነው፤ ከላይ ያሉት ከተራቸው ውጪ በር ይከፍታሉ፣ ወይም ቦዩ መንገድ ላይ ያፈስሳል። ከመነሻውም ዝቅ ካለ ደለል ገብቷል ወይም ወንዙ ቀንሷል። መፍትሔያቸው ለየቅል ነውና ሁለቱን አያምታቱ።

አሁን ወደ ገቢው እንምጣ። ዋናው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ቦዩ ባለቀበት ዓመት የሽንኩርት ዋጋ ከጨመረ የሁሉም ሰው ገቢ ያድጋል፤ ቦይ ያለውም የሌለውም። ታዲያ የተጠቃሚውን ገቢ በፊትና በኋላ ብቻ ካወዳደሩ የገበያውን ሥራ ለቦዩ ይሰጡታል።

ስለዚህ ማወዳደሪያ ያስፈልግዎታል። በአጎራባች ቀበሌ በሞተር ፓምፕ ሽንኩርት የሚያለሙ፣ እዚያው ገበያ የሚሸጡ ገበሬዎችን ይምረጡ። በቁጥር እንየው፤ ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኩት ነው። የቦዩ ተጠቃሚዎች የዓመት የተጣራ ገቢ በአማካይ ከ20 ሺህ ብር ወደ 65 ሺህ ደረሰ፤ 45 ሺህ ጨመረ። ቦይ የሌላቸው ጎረቤቶች ደግሞ ከ22 ሺህ ወደ 47 ሺህ ደረሱ፤ 25 ሺህ ጨመረ። ይህ 25 ሺህ ያለ ቦይም ይመጣ የነበረ ነው። ለቦዩ የሚቀረው 20 ሺህ ነው። የፕሮጀክቱ ሰነድ 30 ሺህ ቃል ገብቶ ከነበረ የተገኘው ሁለት ሦስተኛው ነው። ሪፖርቱ ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ቁጥር ነው፤ 45 ሺህ ብለው ከጻፉ ቀጣዩ ቦይ የሚታቀደው በተሳሳተ ተስፋ ይሆናል።

የተጣራ ስል ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይ፣ ነዳጅና የቀን ሠራተኛ ተቀንሶ ነው። አማካይም ብቻውን አይበቃም፤ ከቦዩ ራስ ያሉትንና ከጫፍ ያሉትን ለየብቻ ያስሉ።

አንድ ነገር አደራ። ማወዳደሪያዎቹ ከዚያው ወንዝ፣ ከመጥለፊያው በታች የሚያለሙ መሆን የለባቸውም። ቦዩ የእነሱን ውሃ ወስዶ ከሆነ ገቢያቸው ይቀንሳል፤ በንጽጽሩ ደግሞ ቦዩ ትልቅ መስሎ ይታያል። የእነሱ ኪሳራ የእናንተ ፋይዳ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። እነዚያን ገበሬዎች በሌላ መስመር ይለኩና የደረሰባቸውን ጉዳት ከጠቅላላው ፋይዳ ላይ ይቀንሱ። ይህንን የሚያደርግ ሪፖርት ብዙም አላየሁም፤ መደረግ ግን አለበት።

አድማጭ ከአጣዬ፦ «እኛ ጋም ተመሳሳይ ቦይ አለ። ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተያዘ መረጃ የለም። አሁን ምን ማድረግ ይቻላል?»

መልስ፦ የተሟላ ባይሆንም የሚያሠራ መነሻ መልሶ ማግኘት ይቻላል። ገበሬውን «ያኔ ገቢህ ስንት ነበር?» ብለው አይጠይቁት። ትክክለኛ መልስ የለውም፤ ስለዛሬው ሁኔታ ባለው ስሜት ገምቶ ይነግርዎታል። ይልቅ ማሳው ላይ ቆመው ይጠይቁት። እዚህ መሬት ላይ ያኔ ምን ተዘርቶ ነበር? ስንት ጆንያ ወጣ? ስንቱ ተሸጠ? ዓመቱን ከሠርግ ወይም ከልጅ መወለድ ጋር ካያያዙለት የተሻለ ያስታውሳል። ዋጋውን እርሱ ላይ አይጣሉ፤ ከንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ከኅብረት ሥራ ማህበር መዝገብ ይፈልጉ። የማህበሩ የዘርና የማዳበሪያ ሽያጭም ለማመሳከሪያ ይጠቅማል።

ሌላው የሳተላይት ምስል ነው። ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያነሣቸው ምስሎች በነፃ ይገኛሉ። አንዱ ነጥብ ምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ 25 ነጥብ ያህል ይይዛል። ከቦዩ በፊት የነበሩ ሁለት ሦስት የጥር ወር ምስሎችን ከአሁኑ ጋር ያስተያዩ። በደረቁ ወር አረንጓዴ የሆነው መሬት ምን ያህል እንደነበር ያሳይዎታል። ሽንኩርት ይሁን ሌላ ሰብል ግን አይነግርዎትም፤ ስለዚህ ከገበሬው ቃል ጋር ያጋጥሙት። የሚያገኙትንም እንደ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር አይጻፉ። «ከ15 እስከ 20 ሄክታር» ብሎ መጻፍ ታማኝ ነው።

አድማጭ ከደብረ ብርሃን፦ «ተቋራጩ ሄዷል፣ አስተባባሪውም ተዛውሯል። ፋይዳው ባይገኝ ማን ይጠየቃል? እስከ መቼስ ይለካ?»

መልስ፦ ተቋራጩን በፋይዳ መጠየቅ አይቻልም፤ ውሉ ግንባታ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይዳ ባለቤት መሰየም ያለበት ሥራው ሳይጀመር ነው። የሚሰየመውም የኃላፊነት ቦታ እንጂ የሰው ስም አይደለም፤ ሰው ይዛወራል። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ውጤቱ ሲበላሽ ማስተካከል የሚችለው ማን ነው? ለውሃ ክፍፍሉ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር ሥራ አመራር ነው። ማህበሩ በአዋጅ ቁጥር 841 ሕጋዊ ሰውነት አለው፤ ተራ የሚያወጣውም፣ ተራ ያፈረሰን የሚቀጣውም እርሱ ነው። ለምርትና ለገቢው የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሁን።

ጊዜውን በተመለከተ በመጀመሪያው በጋ አይፍረዱ። ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ ባለው የዋስትና ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ የተበላሸውን ተቋራጩ ይጠግናል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። እውነተኛው ፈተና ክረምቱ ደለል አምጥቶ ማህበሩ በራሱ ጉልበት ሲጠርግ ነው። ቢያንስ እስከ ሦስተኛው በጋ ይለኩ። ደግሞ ከወዲሁ ወለል ያስቀምጡ። ለ80 ሄክታር ቦይ፣ በጥር ልኬት ከ60 በታች ከወረደ ማህበሩና ወረዳው በዚያው ወር ቦዩ ላይ ይገናኙ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሚያዝያ ላይ ቢሰበሰቡ ሽንኩርቱ ተነቅሎ አልቋል።