ደንገጎን በቀን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቤተሰቡን ይዞ በራሱ መኪና ድሬዳዋ ሊሄድ አስቦ ደወለልኝና "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለኝ። ሁላችንም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔ ግን መልሼ "ደንገጎ ላይ ስንት ሰዓት ለመሆን አስበሃል?" አልኩት። ዝም አለ። ስልኩን ከዘጋን በኋላም ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለ ዛሬ እሱን ላውራችሁ።

መንገዱን ለማያውቀው በአጭሩ ልንገረው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገዱ አለ። ከአዳማ በወለንጪቲ፣ በመተሐራ አድርጎ አዋሽ ሰባት ድረስ ቆላው ነው፤ ሜዳ ነው፣ ግን የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት ሜዳ ነው። አዋሽ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አብዛኛው ተሳቢ በግራ ወደ ሚሌ ይታጠፋል፣ እናንተ ወደ ሚኤሶ ትቀጥላላችሁ። ከሚኤሶ በኋላ አቀበቱ ይጀምራል። ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ ማለት ነው፣ ከዚያ ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ፣ እያለ በጨርጨር ተራራ ጀርባ ላይ ሲጠማዘዝ ይሄድና ደንገጎ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐረር ይቀጥላል፣ ሌላው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከደጋ ወደ ድሬ ሙቀት ቁልቁል ይጥላችኋል።

እንግዲህ የዚህ መንገድ ተንኮሉ ይህ ነው፤ ቀላሉን በጠዋት ይሰጣችሁና ከባዱን ለማታ ያስቀምጥላችኋል። የፍጥነት መንገዱን በሙሉ ጉልበት፣ በጠራ ዓይን ታልፉታላችሁ። ጥምዝምዙ ላይ ስትደርሱ ግን ምሳ በልታችኋል፣ ጀርባችሁ ዝሏል፣ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው።

አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ልጅ ሆኜ "ጋሼ፣ ለምን በውድቅት ሌሊት ትነሳለህ?" ስለው "ጨለማውን ሜዳ ላይ ልጨርሰው ብዬ" ይለኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም። አሁን ሳስበው የጉዞ ዕቅድ ማለት ይኸው ነው። አምስት መቶ ኪሎ ሜትሩን ከአንድ ቀን ብርሃን ጋር ስታስተያዩት፣ ከነዕረፍቱ፣ ከነኬላው፣ ትርፍ የላችሁም። ስለዚህ የተወሰነ ጨለማ መንዳታችሁ አይቀርም። የእናንተ ምርጫ የት ላይ እንደሚሆን ብቻ ነው። የፍጥነት መንገዱ መሃሉ የተከፈለ ነው፣ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ ዳሩ በአጥር የተከለለ ስለሆነ ከብት የሚገባበት ዕድል ጠባብ ነው፣ መታጠፊያውም ሰፊ ነው። ጨለማችሁን እዚያ ላይ አውጡት።

ፀሐይዋን እንቁጠር እስቲ። እኛ አገር ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቅበት ሰዓት ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ አዲስ አበባ ላይ በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ፣ በሐምሌ ደግሞ ወደ 12 ከ45 ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ድሬዳዋ ወደ ምሥራቅ በመሆኗ ፀሐይ እዚያ ከአዲስ አበባ 12 ደቂቃ ያህል ቀድማ መግባቷን ነው። የእጅ ሰዓታችሁ አንድ ነው፣ ብርሃኑ ግን አንድ አይደለም። በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ድሬዳዋ ላይ ልክ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ የሚቀራችሁ ብርሃን 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። እንደ አውሮፓ በጋ ረጅም ምሽት የለንም። ደግሞ ተራራ ውስጥ ከሆናችሁ ፀሐይዋ ከመጥለቋ በፊት ከጋራው ኋላ ትሰወራለች፣ ሸለቆው ቀድሞ ይደበዝዛል። ስለዚህ እኔ ግማሽ ሰዓት ቀንሼ 11 ተኩልን ነው እንደ ማታ የምቆጥረው።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። በቤት መኪና፣ ሳይሮጡ፣ ከደንገጎ ድሬ 40 ደቂቃ ያዙ። ከቁልቢ ደንገጎ አንድ ሰዓት። ከጭሮ ቁልቢ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥምዝምዙም ከተሞቹም ስላሉበት በሰዓት 40 ከሄዳችሁ ጎበዝ ናችሁ፤ ሦስት ሰዓት። ሲደመር 4 ሰዓት ከ40 ነው። ከ11 ተኩል ላይ ስትቀንሱት 6 ሰዓት ከ50 ይመጣል። በቃ፣ የጉዞው ቁልፍ ሰዓት ይህ ነው፤ ከጭሮ መነሻ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50።

ከዚህ ተነስታችሁ ወደ አዲስ አበባ ቁጠሩ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ከደረሳችሁ፣ 12 ከሩብ ላይ አዳማ ናችሁ፣ ሰማዩ ገና መንጣቱ ነው። እዚያ ቁርስ ብሉ፣ አትቸኩሉ። ምክንያቱም ከአዳማ ጀምሮ ፊታችሁ ወደ ምሥራቅ ነው፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ከ12 ተኩል በኋላ ትወጣና ቀጥታ ዓይናችሁ ውስጥ ነው የምትገባው። ከወጣች ከግማሽ ሰዓት በላይ ከጠበቃችኋት ከፍ ትላለች፣ የመኪናው የፀሐይ መከለያ ይበቃታል። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ከአዳማ ተነሱ። በተሳቢዎቹ መሃል አዋሽ 3 ተኩል፣ ሩብ ሰዓት ዕረፍት፣ ሚኤሶ 5 ሰዓት፣ ጭሮ 6 ሰዓት ሊሆን 20 ጉዳይ። ለምሳ 45 ደቂቃ ብትሰጡት 6 ከ25 ላይ ትነሳላችሁ። ስንት ተረፈ? 25 ደቂቃ። አንድ ጎማ ቢተነፍስ ትጨርሱታላችሁ ማለት ነው።

አሁን ያንኑ ዕቅድ እንደ አብዛኛው ሰው አድርጉት። "ጠዋት 1 ሰዓት እንነሳ፣ ልጆቹ ይተኙ።" ቃሊቲ ላይ መጨናነቁ ይይዛችኋል። አዳማ ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት አትደርሱም፣ ቁርስ ደግሞ ይቀራል። ጭሮን ለቃችሁ ስትወጡ 9 ሰዓት እየተቃረበ ነው። እስከ ደንገጎ ያለውን 4 ሰዓት ጨምሩበትና እዚያ ስንት ሰዓት እንደምትሆኑ ራሳችሁ አስሉት። አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ድቅድቅ ጨለማ፣ ቁልቁለቱም ገና ከፊታችሁ ነው።

"ታዲያ መብራት አለን አይደል?" ትሉ ይሆናል። የአጭር መብራት 50 ሜትር ያህል ቢያሳያችሁ ነው። በ60 ስትሄዱ አንድ ነገር አይታችሁ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ ደርሶ፣ መኪናው እስኪቆም 45 ሜትር ይፈጃል። በ80 ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። በ80 ከሆናችሁ ያያችሁትን ነገር ገጭታችሁት ነው የምትቆሙት። ይህም በቀጥታ መንገድ ላይ ነው። ጠመዝማዛ ላይ መብራቱ ወደ ፊት እንጂ ወደ ዞረው መንገድ አያይም፣ የምታበሩት ገደሉን ነው። እዚያ መታጠፊያ ላይ ደግሞ የተበላሸ አይሱዙ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ማዕዘን ምልክት የለውም፣ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ጣል ጣል ተደርጓል። በቀን ቅጠሉን ከሩቅ ታዩታላችሁ። በማታ ድንጋዩን በጎማችሁ ነው የምታገኙት።

ከጨለማውም ይልቅ እኔ የምፈራው ከ11 እስከ 12 ተኩል ያለችውን ሰዓት ነው። ከብት ወደ ቤት የሚገባው ያኔ ነው፣ በአስፋልቱ ላይ። ልጆች ውሃና እንጨት ይዘው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። ጫት የጫኑት መኪኖችም አሉ፤ ዕቃቸው በሰዓታት ውስጥ ዋጋ የሚያጣ ስለሆነ ማንንም አይጠብቁም። ዓይናችሁም ገና ከብርሃን ወደ ጨለማ አልለመደም። ደንገጎን እንግዲህ በዚያች ሰዓት ስትወርዱት አስቡት። ቁልቁለቱ በማርሽ ነው የሚወረደው፤ ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ እንጂ ፍሬን ረግጦ መውረድ አይደለም። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ፍሬኑ ግሏል፣ ቆማችሁ ማቀዝቀዝ ነው። በቀን የምትቆሙበት ሰፋ ያለ ቦታ ይታያችኋል። በማታ የት ትቆማላችሁ?

አሽከርካሪ ሁለት ከሆናችሁ ጭሮ ላይ ተቀያየሩ። እስከዚያ የነዳው ይበቃዋል፣ ተራራውን የተኛው ይያዘው። ምሳውንም ቀለል አድርጉት፣ ከምሳ በኋላ ያለው እንቅልፍ ልክ ጥምዝምዙ ሲጀምር ነው የሚመጣው። አንዳንዱ እንቅልፉን በቅጠል ለመግፋት ይሞክራል። ምርቃና ላይ ያለ ሹፌር መንቃቱን እንጂ መፍጠኑን አያውቀውም፣ እኔ ከእሱ ጋር አልሳፈርም።

ዘግይታችሁ ጭሮ ላይ ያ ቁልፍ ሰዓት ካለፈባችሁ ምን ይደረግ? ጭሮ እደሩ። ይህን ስል ሰው ቅር ይለዋል፣ "ድሬ ደርሰን እኮ ነው" ይላል። አልደረሳችሁም። በርቀት ሁለት ሦስተኛውን ጨርሳችሁ ይሆናል፣ በድካም ግን ገና ግማሹ ላይ ናችሁ። ጭሮን በጊዜ ለቃችሁ መንገድ ላይ ከዘገያችሁም ቁልቢ ማደሪያ አለ። የንግሥ ሰሞን ካልሆነ፤ ታኅሣሥ 18 እና 19 ላይ ግን ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም፣ መንገዱ በመኪናና በእግረኛ ምእመን ይሞላል። ለንግሥ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ውጡ። በየትኛውም ጊዜ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም መናኸሪያ ያሉትን ሹፌሮች ጠይቁ፣ የትናንቱን ወሬ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የመልሱ ጉዞ ይቀላል፤ መንገዱ ራሱ ዕቅዱን ያወጣላችኋል። ጎሕ ሲቀድ ከድሬ ከተነሳችሁ ደንገጎን በትኩስ ጉልበት ትወጡታላችሁ፣ ተራራው ከምሳ በፊት ያልቃል። በክረምት ግን ጠዋት ተራራው ላይ ጉም ሊኖር ስለሚችል እስኪገፈፍ ትንሽ ዘግይታችሁ ውጡ። አዋሽ ላይ የጉምሩክ ፍተሻ አለ፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ጥብቅ ነው፣ አንድ ሰዓት ያዙለት። ከመተሐራ በኋላ ከሰዓት ፀሐይዋ ከፊት ናት፣ ስለዚህ አዋሽ ላይ ሻይ ስትጠጡ የፊት መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም አጽዱት፣ አቧራ ያለበት መስታወት ፀሐይ ሲያርፍበት ወተት ነው የሚሆነው። አዳማ ላይ ቢመሽባችሁ ግድ የለም፣ ከዚያ ወዲያ የፍጥነት መንገዱ ነው። ከክፍያ ጣቢያው በኋላ ያለውን የቃሊቲን መጨናነቅ ደግሞ በየትኛው ሰዓት ማለፍ እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ እኔ እስካሁን አላገኘሁትም።