80 ወንበር፣ 115 ስም

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ቬንቲሌተሩን አጥፍቼዋለሁ። ባለፈው “ሄሊኮፕተር ውስጥ ሆነህ ነው እንዴ የምትቀዳው?” ላላችሁኝ ሁሉ፣ ይኸው፣ እኔ በላብ ልዋኝላችሁ። የጎረቤቱን ዶሮ ግን ምንም ላደርገው አልችልም። የሰው ዶሮ ነው።

ስለ ቅዳሜው ሴሚናር ነው የማወራው። አውቃለሁ፣ አላነሳውም ብዬ ነበር። ግን ሰኞ የሚቀጥለው ምዝገባ ይከፈታል፣ ኤክሴልም ቁጥር ስጠኝ እያለ ነው። (አዲስ የመጣችሁ፣ ኤክሴል ሰው ነው። ጓደኛዬ ነው። ምሳ የት እንብላ ስትሉት እንኳን ሰንጠረዥ ይከፍታል።)

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሴሚናሩ ነጻ ነው። ነጻ ሲሆን ስም መስጠት ምንም አያስከፍልም፣ መቅረትም ምንም አያስከፍልም። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው አዳራሽ 80 ወንበር አለው። 80 ሰው መዝግበህ ብትቀመጥ ግማሹን አዳራሽ ለወንበር ነው የምታስተምረው። ስለዚህ ከወንበሩ በላይ ትመዘግባለህ። ይሄ ላይ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ ስንት የሚለው ላይ ነው።

ያንን የአሮጌውን ደብተር ነገር ታስታውሳላችሁ አይደል? የድሮ የስም ዝርዝሮች ያሉበትን። እሱን አወጣነው። መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ የተደረጉትን ሴሚናሮች በሙሉ ጣልኳቸው። ድሬ ናት እኮ! ከምሳ በኋላ ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም አለ። ያን ሰዓት የቀረውን ሰው ቆጥሬ ለጠዋት ሴሚናር ብጠቀምበት፣ ስለ ጫት ሰዓት እንጂ ስለ ሴሚናር አልለካሁም። የቀሩት አራት የጠዋት ሴሚናሮች ናቸው። አራቱ አንድ ላይ 300 ሰው መዝግበዋል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው 197 ነው።

ኤክሴል ወዲያው “66 በመቶ ይመጣል” አለ። ቆይ አልኩት። ከ197ቱ ውስጥ 35ቱ ስማቸው ምዝገባው ላይ የለም። ጓደኛ ያመጣቸው፣ ማስታወቂያውን በር ላይ አይተው የገቡ፣ አንዳንዱም ጥላ ፍለጋ የገባ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ተመዝግቦ የመጣው 162 ነው። ማለትም 54 በመቶ። 46 በመቶው ቀሪ ነው።

ምን ለውጥ አለው፣ ሰው ሰው ነው፣ ወንበር ይይዛል ትሉ ይሆናል። ለውጥ አለው። ያልተመዘገበው ሰው ከዝርዝሩ ጋር አብሮ አያድግም። 60 መዘገብን 90 መዘገብን፣ እነዚህ ሰዎች በየጊዜው ዘጠኝ አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ዘጠኙን መጀመሪያ ከወንበሩ ላይ ትቀንሳለህ። 71 ይቀራል። 71ን ለ54 በመቶ ስታካፍል 131 ይመጣል። ዘጠኙን ረስተህ 80ውን ብታካፍል ኖሮ 148 ትመዘግብ ነበር። ያኔ እንደ ሌላው ጊዜ ያለ ተራ ቀን እንኳን ሲሆን 89 ሰው ይመጣብሃል። ኤክሴል ይሄን ሲሰማ ዝም አለ። እሱ ዝም ያለበት ቀን በዓል ነው።

131ም ቢሆን አማካይ ነው። በአማካይ ከሄድክ፣ ከሁለት ሴሚናር በአንዱ ሰው ይተርፍብሃል። አራቱን ለየብቻ ስናያቸው አንዱ ላይ የመጣው 48 በመቶ ብቻ ነው፣ ሌላው ላይ 60። በጥሩው ቀን ከሄድን 118 ነው የሚወጣው። ኤክሴል ደግሞ በራሱ መንገድ ሠራው። እያንዳንዱ ተመዝጋቢ የየራሱን ሳንቲም ይወረውራል ብሎ፣ ከሃያ ጊዜ አንዴ ብቻ እንዲተርፍብን አድርጎ። 115 አለ። በተለያየ መንገድ ሄደን ተቀራረብን። 115 ይሁን አልን። ተራ ቀን ከሆነ 71 ሰው ይመጣል፣ ዘጠኝ ወንበር ባዶ ይቀራል። ዘጠኝ ባዶ ወንበር ደግሞ ማንንም አያስቀይምም።

ቅዳሜ 84 ሰው መጣ።

ይሄን ሳምንቱን ሙሉ እየደጋገምኩት ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እኔ በር ላይ ነኝ። አዳራሹ ሞልቷል። እንዲህ ሞልቶ አይቼው ስለማላውቅ እየሳቅኩ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ማለቴ ነው። ከዚያ ከፊራ ገበያ የምትሸጥ አንዲት ሴት መጣች። መደቧን ለእህቷ ልጅ ትታ መምጣቷን ነገረችኝ፣ ገና ሰላም ሳንባባል። ስልኳን አውጥታ ሜሴጁን አሳየችኝ። “ተመዝግበዋል” የሚለውን። እኛው የላክነውን። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ነው፣ ግን ይነበባል።

“ስሜ አለ አይደል ወንድሜ?”

“አለ” አልኳት። አለ እኮ። ዝርዝሩ ላይ ጣቴ ስሟ ላይ ነው።

ወደ ውስጥ ዞርኩ። የፊት መስመር ላይ አንድ አባባ ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመውታል። ያልተመዘገቡ ናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥተው “ልጄ፣ ምንድን ነው ዛሬ?” ብለው የገቡ ናቸው፣ እኔው ነኝ እጃቸውን ይዤ ያስቀመጥኳቸው። አሁን ሄጄ ምን ልበላቸው? አባባ ይነሱ፣ ስምዎ የለም? ድሬ ላይ? በምን አፌ?

የጎረቤቱ ቡና ቤት ወንበር ያበድረን ነበር ሁልጊዜ። ሮጥኩ። ወንበሮቹ ለሰርግ ሄደዋል። ቅዳሜ ነዋ። ስመለስ እሷ በሩ ጋ ቆማለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። “ችግር የለውም አቦ፣ ሌላ ጊዜ” አለች። ሳቅ ብላ። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ባጃጅ አስቁማ ሄደች።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ራልፍ ኔደር የሚባል አሜሪካዊ አለ፣ የሸማቾች ተሟጋች። እ.ኤ.አ. በ1972 የተረጋገጠ ቦታ ይዞ አሌጌኒ በሚባል አየር መንገድ ሊሄድ ሲል ሞልቷል ተባለ። ከወንበር በላይ ሸጠው ነበር። ከሰሳቸው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1976 ክሱን መቀጠል ይችላል ተባለለት። በዚያው ዘመን ጁልያን ሳይመን የሚባል ኢኮኖሚስት ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው ይል ነበር። ሰው በግድ አታስቀሩ፣ በስንት ብር ለመቅረት ፈቃደኛ እንደሆነ ጠይቁ፣ ትንሽ የጠየቀውን ከፍላችሁ አስቀሩት። መጀመሪያ ስቀውበት ነበር አሉ። ዛሬ ኤርፖርት ላይ ፈቃደኛ የሚፈልጉት በዚህ ሐሳብ ነው።

ጥሩ። እኔ ምን ልክፈል? ነጻ ሴሚናር ነው። ያለኝ ነገር ወንበር ብቻ ነው፣ ያለቀብኝም እሱ ነው። ለሴትየዋ የቀጣዩን የመጀመሪያ ቦታ እሰጥሻለሁ ብዬ ልደውልላት አስቤ... ደወልኩ እንዴ? አልደወልኩም። እደውላለሁ።

ብቻ፣ ማታ ላይ ኤክሴል “ከሃያ አንዱ ደረሰብን፣ በቃ ዕድል ነው” አለኝ። አልተዋጠልኝም። ዘጠኙን ያልተመዘገቡ ስታወጣ ከ115ቱ 75 ነው የመጣው፣ 65 በመቶ። የሱ ሳንቲም ትክክል ቢሆን ኖሮ 75 እና ከዚያ በላይ የሚመጣው ከመቶ አንዴ ገደማ ነው። ከመቶ አንዴ የሚሆን ነገር ሲደርስብህ፣ ዕድልህን ከመርገምህ በፊት ሳንቲሙን ማየት ነው።

ዝርዝሩን ዘርግቼ አየሁት። አሥራ አራት ስም በአንድ ቀን፣ በተከታታይ ደቂቃዎች የተመዘገበ ነው። የአንድ ዕቁብ አባላት ናቸው። ሁሉም መጡ፣ አንድም አልቀረም፣ አንድ መስመር ሞልተው እየተሳሳቁ ተቀመጡ። እነዚህ አሥራ አራት ሳንቲም አይደሉም፣ አንድ ሳንቲም ናቸው። የዕቁቡ ዳኛ ወደ ለቅሶ ቢሄድ ኖሮ አሥራ አራቱም ይቀሩ ነበር። እነሱን ስታወጣ ከቀሩት 101 ሰዎች 61 ነው የመጣው፣ 60 በመቶ። ከዚህ በፊት ያየነው ጥሩ ቀን ነው፣ ተአምር አይደለም።

ስለዚህ ችግሩ አማካዩ ላይ አልነበረም። ሰው ተያይዞ እንደሚመጣ እና ተያይዞ እንደሚቀር አልቆጠርነውም። ሰው ተያይዞ ሲሄድ ባዶውም ሙላቱም ከምታስበው በላይ ይርቃል። ይሄን አሳምሬ ለኤክሴል ነገርኩት። “ታዲያ ቅዳሜን ከሰንጠረዡ ላውጣት፣ የተለየች ቀን ናት” አለኝ። እንዴ! ዕቁብ ድሬ ውስጥ የተለየ ነገር ነው? የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ጉርብትና፣ የአንድ ገበያ መደብ፣ ሁሉም እኮ ተጠራርቶ ነው የሚመጣው። አውጥተን ስንጨርስ የሚቀረን ብቻውን የሚሄድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ የለም።

ሌላም ነገር አለ። 84 የጻፍነው የቆጠርነውን ነው። አንገቱን አስገብቶ ሞልቷል ብሎ የተመለሰውን ማን ቆጠረው? ዱላ የያዘ ዘበኛ እንኳን የለንም። ስለዚህ 84 የሚለው ቁጥር “ቢያንስ” የሚል ቃል አብሮት መጻፍ አለበት። አዳራሽ የሞላበት ቀን መረጃው ይቆረጣል። ከሞላ በኋላ ደብተሩ ምንም አያውቅም።

እንግዲህ ቅዳሜን ጨመርናት። አማካዩ ወደ 57 በመቶ ወጣ። በጥሩው ቀን፣ በ65 ከሄድን 109 እንመዘግባለን። ከ115 ስድስት ሰው ብቻ ቀነስን! ያ ሁሉ ሌሊት ለስድስት ሰው። እንደገና 48 በመቶ የሚመጣበት ቀን ከሆነ ደግሞ ከ109ኙ 52 ይመጣል፣ ከዘጠኙ ጋር 61፣ አሥራ ዘጠኝ ወንበር ባዶ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ባዶ ወንበር ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ኤክሴል ዋዜማውን እንደውል ይላል፣ የማይመጣውን ሰርዘን ለተጠባባቂ እንስጥ። ጥሩ ነው፣ እናድርገው፣ ግን እናንተም ታውቃላችሁ። እዚህ ሰው ስልክ ላይ አልመጣም አይልህም። “እሺ፣ ኢንሻአላህ” ይልሃል፣ ሁሉም። ለመጣውም ለቀረውም አንድ ዓይነት መልስ ከሆነ፣ የደወልኩበት ሂሳብ ብቻ ነው የሚባክነው። የሚሰርዝ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው።

ወይም ያልተመዘገበውን ሦስት ሰዓት ከአሥር እስኪሆን ውጭ እናቆየዋለን። ወረቀት ላይ ይሄ ነው ትክክሉ፣ ዘጠኙን ወንበር መልሶ በእጄ ያስገባልኛል። ግን አባባን ፀሐይ ላይ አቁሜ... ውስጥ ባዶ ወንበር እያየሁ... አላውቅም። እሷስ? እሷም እኮ ፀሐይ ላይ ነው የቆመችው። ስሟ ዝርዝሩ ላይ እያለ።

ዶሮው ጀመረ። ሰማችሁት? ሰኞ ቁጥር መስጠት አለብኝ። 109... ኤክሴል 112 ይላል፣ ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም። ምናልባት 109 ብዬ ሦስቱን ለሱ...