ለቄሱ ወንድሜ የጻፍኩት ደብዳቤ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ እምነት እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ ለአንድ አብሮ አደጌ የጻፍኩትን ደብዳቤ ባነብላችሁ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። እሱ ዛሬ ቄስ ነው። ልጅ ሆነን አንድ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረናል፣ አብረን ዳዊት ደግመናል፣ አብረን ዲቁና ተቀብለናል። ከቤተ ክርስቲያን መቅረቴን ሲሰማ ዝም አለኝ። አሁንም እንደምጸልይ ሲሰማ ግን ደወለና «ይሄ እንዴት ይሆናል? ጻፍልኝ» አለ። ደብዳቤውን እዚህ እንዳነብ ፈቅዶልኛል። የሰውም የደብርም ስም አልጠራም።

«ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰው ፊት «ቀሲስ፣ እርስዎ» እያልኩ እጠራሃለሁ፤ ማዕረግህም ይገባሃል። እዚህ ግን እንደ ድሮው አንተ ልበልህ።

የወጣሁት በካህናት ጠብ አይደለም። በገንዘብ ወሬም አይደለም። ያንን በሰፈራችን በዕድሜ ከእኛ ዝቅ የሚለውን ልጅ ታስታውሰዋለህ። ለዓመታት የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ጸበል ከርሟል፣ ሆስፒታልም ተኝቷል። ሲሻለው ሥራ ይገባል፤ ሲብስበት መጋረጃውን ዘግቶ ይተኛል። አንድ ዓርብ ራሱን አጠፋ።

እድሩ እንደ ወጉ ደረሰ። ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ጣዱ። የጎደለው ፍትሐቱ ብቻ ነበር። አባቱ ደብሩ ድረስ ሄደው ለመኑ። «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም» ተባሉ። የሐኪሙን ወረቀት አጣጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው ነበር የሄዱት። ልጁ ታሞ ነበር ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ወረቀቱን ሳያወጡት ተመለሱ። እኔ አብሬያቸው ነበርኩ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ግንዘት አይነበብለትም። ሣልስት የለም፣ አርባ የለም፣ ሰማንያ የለም፣ ሙት ዓመት የለም። ሌላው ሐዘንተኛ ቀን እየቆጠረ፣ ካህን እየጠራ፣ ጎረቤት እያበላ ከሐዘኑ ቀስ በቀስ ይወጣል። ለእነሱ ያ መንገድ ተዘጋ። እናቱ ከቀብር መልስ ክንዴን ይዘው «አንተ እንኳ ዲያቆን ነህ፤ ታዲያ ለልጄ ማን ይጸልይለት?» አሉኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ዳዊቴን አወጣሁ። የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 እያልን እንደተማርነው፣ የዓርቡ ከ111 እስከ 130 ነው። 129ኛው እዚያው ውስጥ አለ። ከጥልቅ የሚጮኸው፣ «ኃጢአትንማ ብትቆጣጠር ማን ይቆማል» ብሎ እግዚአብሔርን የሚጠይቀው። ፍትሐት በተከለከለበት ቀን፣ የቀኑ ድርሻ ራሱ ለዚያ ልጅ የሚሆን ጸሎት ይዞ ነበር። በክርስትና ስሙ ጠርቼ ደገምኩለት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልፈቀደልኝም።

በኋላ ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ። በ4ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረውን ጢሞቴዎስን ታውቀዋለህ፤ በፈረንጆቹ 381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ላይ የነበረው ነው። ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች የሰጣቸው መልሶች ቀኖና ሆነው ተጽፈዋል። አንዱ ጥያቄ ይኸው ነው፤ አእምሮውን ስቶ ራሱን ላጠፋ ሰው መሥዋዕት ይቀርብለታል ወይስ አይቀርብለትም? ጢሞቴዎስ በሩን አልዘጋም። ካህኑ ሰውየው በእውነት አእምሮውን ስቶ እንደነበር ይመርምር አለ። ዘመድ ሊዋሽ ይችላልና አጥብቆ ይመርምር አለ። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ከእስክንድርያ መንበር ሥር ነበረች። ስለዚህ ይህ መልስ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከአባቶቻችን ቤት የወጣ ነው።

«ይህን ካወቅህ ለምን ውስጥ ሆነህ አልተከራከርክም?» ትለኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚያ ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እከራከር ነበር፤ ምናልባትም እረታ ነበር። እኔን ያስወጣኝ ግን ከዚያ የከፋ ነገር ነው። ጢሞቴዎስ ያለው ሁሉ ቢፈጸም እንኳ፣ መርማሪው «አእምሮው ጤነኛ ነበር» ብሎ ቢፈርድስ? ያን ጊዜ ጸሎት ሊከለከል ነው። አንድ ሰው ለሌላው ሰው እንዲለምን ማኅተም ያስፈልገዋል የሚለውን ነገር ልቤ ፈጽሞ እምቢ አለ። ይህን ሳላምን ከመቅደስ ብቆም እዋሻለሁ። እግዚአብሔር ፊት መዋሸት ደግሞ አልፈልግም። ወደ ሌላ ቤተ እምነትም አልሄድኩም፤ የትም ብሄድ ይህን በር የሚጠብቅ ሰው አላጣም።

ጸሎቱን ግን ልተው አልቻልኩም። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞራለሁ። አቡነ ዘበሰማያትን እላለሁ፣ የቀኑን የዳዊት ድርሻ የቻልኩትን ያህል እደግማለሁ። ሰባቱን የጸሎት ሰዓት ሁሉ አልይዝም፤ ጠዋትና ሠርክ ይበቃኛል። ይህን ያነበበ እንዲህ ያለ በረከት ያገኛል የሚሉ ቃል ኪዳኖችን ተውኩ። ንግድ ይመስሉብኛል። አንተ እንደማትስማማ አውቃለሁ።

ብቻን መጸለይ ግን ትልቅ ችግር አለበት፣ ልደብቅህ አልችልም። ሰሚ ሰው ስለሌለ ጸሎቱ ሳይታወቅ ወደ ራስ ያጋድላል። ለወራት ስለ ሥራዬ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ጉልበቴ ብቻ ስለምን ቆየሁ። የታወቀኝ አንድ ማታ ስጨርስ የማንንም ስም አለመጥራቴን ሳስተውል ነው። ቅዳሴ ላይ ይህ አይደርስብህም። ብትፈልግም ባትፈልግም ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ድውያን፣ ስላንቀላፉት ትለምናለህ። ዲያቆኑ ጸልዩ ይልሃል፣ ትጸልያለህ። የማታውቀው መንገደኛ በአንተ አፍ ይታሰባል። ስለዚህ ያንን ቅደም ተከተል መልሼ ያዝኩት። መጀመሪያ ስለ ዝናሙ፣ ስለ መንገደኛው፣ ስለ በሽተኛው በስም። ቀጥሎ ለተቀየምኩት ሰው። ራሴን መጨረሻ ላይ። የተቀየምኩትን ሰው ስም መጥራት ሲያቅተኝ ጸሎቴ እንደተበላሸ አውቃለሁ፤ እዚያው እቆማለሁ። ይህን ሥርዓት ያስተማረችኝ ቤተ ክርስቲያን ናት። ውለታዋን አልክድም፤ የፋሲካ ሌሊቱም ይናፍቀኛል።

አሁን የምለምንህ ነገር አለ። የዚያ ልጅ እናት አሁን ባንተ አጥቢያ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኪዳን ይመጣሉ። አሁንም ልጃቸው ከምሕረት ውጭ የወደቀ ይመስላቸዋል። የጢሞቴዎስን ቀኖና እኔ ብነግራቸው የወጣ ሰው ወሬ ነው፤ አይሰሙኝም። ካህን ቢነግራቸው ግን ይሰማሉ። መጽሐፉን ይዘህ ቤታቸው ሂድ። አንብብላቸው። የሐኪሙ ወረቀት አሁንም አባቱ ጋ አለ፤ ተቀበልና እየው። ከዚያ በኋላ ፍትሐቱን ማድረግ አለማድረግ ያንተና የአለቆችህ ጉዳይ ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ካህን ልጁ ታሞ ነበር ወይ ብሎ እንዲጠይቃቸው ብቻ ነው።

ያንተው ወንድምህ።»

ደብዳቤው ይኸው ነው። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።